የካርቡራይዚንግ ፈርነሱን ወደ ካስኬድ ስንቀይር፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት አጋማሽ፦ የነበረው

ፈርነሱ ትንሽ ነው። ግድግዳው ቀላሉ የእሳት ጡብ ነው፣ ውስጡ ዙሪያውን የካንታል ሽቦ አለ። 6 ኪሎዋት፣ ነጠላ ፌዝ፣ በ220 ቮልት ወደ 27 አምፔር ይስባል። ሥራው ካርቡራይዚንግ ነው። ፒኖችንና ትናንሽ ጥርሶችን ከደቀቀ ከሰል ጋር በብረት ሣጥን ውስጥ አሽገን 920 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት እናቆያለን። ካርቦኑ ወደ ብረቱ ገጽ ይገባል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል።

መቆጣጠሪያው ከገበያ የተገዛ አንድ ፒአይዲ ኮንትሮለርና አንድ ኮንታክተር ነበር። ቴርሞካፕሉ (ኬ ዓይነት) በሣጥኑ ክዳን ገብቶ መሐል ከሰሉ ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ መሆኑ ትክክል ነው፣ ማወቅ የምንፈልገው የዕቃውን ሙቀት እንጂ የሽቦውን አይደለም።

ችግሩ የዕቃው ሙቀት ወሬውን የሚያደርሰው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ከቅዝቃዜ ሲነሳ ሣጥኑ 920 ይደርስና አያቆምም፣ 960 ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ይወርዳል፣ ከ920 በታች ያልፋል፣ እንደገና ይወጣል። አንዱ ውዝዋዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጋሼ (የወርክሾፑ ባለቤት) "ልጄ፣ ይሄ ፈርነስ ዥዋዥዌ ነው እንዴ?" ይሉኛል፣ እኔም መልስ የለኝም።

ኮንትሮለሩ ራሱ የሚያወጣውን አውቶቲዩን ሞከርኩ። ከዚያ በእጄ ፒውን፣ ማለትም ጌይኑን፣ ቀነስኩ፣ የኢንተግራሉን ጊዜ አስረዘምኩ። ውዝዋዜው ረጋ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ማታ ማታ የአካባቢው ቮልቴጅ ሲወርድ ሣጥኑ 14 ዲግሪ ይቀንስና ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል። እንዳይወዛወዝ ብዬ አዝግሜዋለሁ፣ ስላዘገምኩት ደግሞ የሚመጣበትን ነገር መከላከል አልቻለም። በአንድ ሉፕ ከዚህ በላይ የሚሄድ አይመስለኝም።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሁለተኛ ቴርሞካፕል፣ ለማየት ብቻ

ምንም ሳልቀይር ሌላ ቴርሞካፕል በሽቦውና በሣጥኑ መካከል ሰቀልኩ፣ ሽቦውን እንዳይነካ አርቄ። ኮንትሮለሩ አያነበውም፣ እኔ ብቻ በየደቂቃው እመዘግባለሁ።

ያየሁት ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ከቅዝቃዜ ስንነሳ የሣጥኑ መሐል ገና 870 ላይ ሳለ የሽቦው አካባቢ 1080 ደርሷል። ስለዚህ ሣጥኑ 920 ሲነካ ኮንትሮለሩ ኃይሉን ቢዘጋም ጡቡና የሣጥኑ ቆዳ ያጠራቀሙት ሙቀት ወደ መሐል መግባቱን ይቀጥላል። ኮንትሮለሩ ይህን አያውቅም፣ አላየውም። የሣጥናችን ብረት እየተላጠ የሚያልቀው ለምን እንደሆነም እዚህ ላይ ገባኝ።

የማታውን ጉዳይም አየሁ። መልቲሜትሩ 198 ቮልት ያሳያል። የማሞቂያ ሽቦ ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚሄደው፦

```
(198 / 220)^2 = 0.81
```

ቮልቴጁ 10% ሲቀንስ ሙቀት የሚሰጠው ኃይል 19% ይቀንሳል ማለት ነው። የሽቦው አካባቢ በደቂቃ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ ይጀምራል። የሣጥኑ መሐል ግን ለ5 ደቂቃ ያህል ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። ኮንትሮለሩ የመጀመሪያዋን ዲግሪ ሲያይ አካባቢው 25 ዲግሪ ወርዷል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ገና ወደ ሣጥኑ እየመጣ ነው።

የነገሩ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ኃይል፣ ከዚያ የሽቦው አካባቢ፣ ከዚያ የሣጥኑ መሐል። ረብሻው የሚገባው በመጀመሪያው በር ነው። እኛ ደግሞ የምናየው በመጨረሻው በር ላይ ቆመን ነው።

ጋሼ ስታቢላይዘር እንግዛ ብለው ነበር። ለዚህ አቅም የሚበቃው ሲጠየቅ የፈርነሱን ዋጋ ግማሽ ያህል ተባለ። ደግሞም የሚፈታው የቮልቴጁን ችግር ብቻ ነው፣ ኦቨርሹቱ፣ ማለትም ከ920 አልፎ መሄዱ፣ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ካስኬድ። ሁለት ሉፕ፣ አንዱ ሌላውን የሚያዝ። የውጩ ሉፕ የሣጥኑን መሐል ያያል፣ ግን ኃይሉን በቀጥታ አይነካም። "የሽቦው አካባቢ ይህን ያህል ዲግሪ ይሁን" ብሎ ለውስጡ ሉፕ ሴትፖይንት ይሰጣል። የውስጡ ሉፕ ያንን ለመጠበቅ ኃይሉን ይነዳል። የተገዛው ኮንትሮለር ሴትፖይንቱን ከውጭ መቀበል ስለማይችል በአርዱዊኖ ልሠራው ወሰንኩ።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ኮንታክተሩ ይውጣ

ፈጣን ሉፕ ከፈለግክ የሚታዘዘውም ዕቃ ፈጣን መሆን አለበት። ኮንታክተሩ በየ30 ሴኮንዱ ነበር የሚበራና የሚጠፋው። ከዚህ ቢፈጥን ነጥቦቹ ቶሎ ይቃጠላሉ። በሶሊድ ስቴት ሪሌይ ቀየርኩት። የ2 ሴኮንድ ዙር ሰጠሁት፤ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በ2 ሴኮንድ ውስጥ 100 ሳይክል አለ፣ 1% ማለት አንድ ሳይክል ነው። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሪሌዩ ሲበራ በራሱ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጥላል፣ በ27 አምፔር ወደ 30 ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት ማለት ነው። ያለ ጥሩ ሂትሲንክና ያለ ፋን አይኖርም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል። ይህ ዕቃ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ፣ ማለትም ኃይል እየለቀቀ ይቀራል። ስለዚህ የድሮውን ኮንታክተር አልጣልኩትም። ከፊቱ በተከታታይ አስገባሁትና አሮጌውን ኮንትሮለር በራሱ ቴርሞካፕል 1050 ላይ እንዲቆርጥ አደረግኩት። ከአርዱዊኖው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ እንዲኖረውም አልፈልግም።

ቴርሞካፕሎቹን ለማንበብ `MAX31856` ተጠቀምኩ። ርካሹና በየሱቁ የሚገኘው `MAX6675` 1024 ዲግሪ ላይ ያበቃል፤ አካባቢው 1080 ሲደርስ ላየ ሰው ይህ አያዋጣም።

ኅዳር አጋማሽ፦ የውስጡ ሉፕ ብቻውን

ሕጉ ቀላል ነው። መጀመሪያ የውስጡ ይስተካከላል፣ የውጩ ተዘግቶ። የውስጡ ሳይረጋ የውጩን መንካት ጊዜ ማባከን ነው፣ የትኛው እየወዘወዘ እንደሆነ አታውቅም።

ፈርነሱን 900 አካባቢ በእጅ አረጋጋሁትና ኃይሉን በአንድ ጊዜ በ10% ከፍ አደረግኩ። በመጀመሪያ በቤት ውስጥ የነበረውን ወፍራም ሴራሚክ ቱቦ ያለው ቴርሞካፕል ነበር የሰቀልኩት። መልስ ለመስጠት 70 ሴኮንድ ያህል ቆየ። ይሄ የፈርነሱ ሳይሆን የቱቦው መዘግየት ነው። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽፋን ያለውን ገዛሁ፣ ከመርካቶ፣ ወደ 4,000 ብር። ዲሌዩ ወደ 20 ሴኮንድ ወረደ። ከዚያ በኋላ አካባቢው በደቂቃ 6 ዲግሪ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ስሌቱ አጭር ነው፤ Kc ጌይኑ ነው፣ Ti ደግሞ የኢንተግራሉ ጊዜ። በ10% ጭማሪ በደቂቃ 6 ዲግሪ ከሆነ ለ1% በሴኮንድ 0.01 ዲግሪ ነው። ሉፑ በ40 ሴኮንድ እንዲመልስ ብፈልግ፦

```
Kc = 1 / (0.01 * (40 + 20)) = 1.67   (% / °C)
Ti = 4 * (40 + 20) = 240 s
```

በወፍራሙ ቱቦ ቢሆንስ? በዚያው መንገድ 140 እና 70 ካስገባሁ ጌይኑ 0.48 ብቻ ይሆናል፣ ቲአዩም 840 ሴኮንድ። ያ ሉፕ አለ ማለት ያስቸግራል። ለካስኬድ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ ይህ ቀጭን ቴርሞካፕል ነው ከፍተኛውን ሥራ የሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፣ ሌላ ሰውም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። የውስጡ ቴርሞካፕል ፈጣን ይሁን እንጂ የግድ ትክክለኛ መሆን አያስፈልገውም። 15 ዲግሪ ቢዋሽ የውጩ ሉፕ ሴትፖይንቱን በ15 ዲግሪ ያዛውረዋል፣ ዕቃው ልዩነቱን አያውቅም። የውጩ ግን ተቃራኒ ነው። ቢዘገይ ችግር የለም፣ ቢዋሽ ግን ውሸቱ በቀጥታ ዕቃው ላይ ይገባል። አሪፉን ገንዘብ የት እንደምታወጣ ይህ ይወስናል።

ኅዳር መጨረሻ፦ የውጩ ሉፕ

የውስጡ ሉፕ እየሠራ ሳለ ሴትፖይንቱን ከ900 ወደ 920 አደረግኩት። አካባቢው በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ገባበት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የሣጥኑን መሐል ጠበቅኩ። 5 ደቂቃ ዝምታ። ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት። 35ኛው ደቂቃ አካባቢ 12 ዲግሪ ወጥቷል፣ በመጨረሻ 19 ላይ ቆመ።

ቁጥሮቹን አንብቧቸው። የሣጥኑ ጌይን 0.95 ነው፣ ማለትም አንድ ዲግሪ ስትጨምር አንድ ዲግሪ ታገኛለህ ማለት ይቻላል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሣጥን በአንድ አካባቢ ውስጥ በቂ ጊዜ ከቆየ የአካባቢውን ሙቀት ይይዛል። ቮልቴጁ 198 ይሁን 225፣ ሽቦው አዲስ ይሁን አርጅቶ ሬዚስታንሱ የጨመረ፣ ይህ ቁጥር አይቀየርም። ድሮ የውጩ ሉፕ "30% ኃይል" ሲል ምን ያህል ሙቀት እንደሚያገኝ እርግጠኛ አልነበረም። አሁን "950 ዲግሪ" ይላል፣ 950 ያገኛል።

ሌላው ትልቁ ነገር መዘግየቱ ነው። ቀድሞ በኃይልና በዕቃው መካከል ሁለት ዘገምተኛ ነገሮች ተደራርበው ነበር፦ አካባቢው የሚሞቅበትና ሣጥኑ የሚሞቅበት። ሁለቱ ተደማምረው መልሱን ስለሚያዘገዩ ትንሽ ጠንከር ስትል ይወዛወዛል። የውስጡ ሉፕ የመጀመሪያውን ወደ አንድ ደቂቃ አሳጥሮታል፣ ለውጩ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ የውጩን ጌይን ሆን ብዬ ወደ 8 እስኪጠጋ ከፍ አደረግኩ። መወዛወዝ ሲጀምር አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ነበር። ያኔ በአንድ ሉፕ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። ይህ ልዩነት ማለት የውጩ ሉፕ ከበፊቱ በብዙ ጠንክሮ መሥራት ይችላል ማለት ነው፣ ራሱ ሳይለወጥ።

ለሥራ የያዝኩት በ10 ደቂቃ እንዲመልስ ነው፤ 30ው ሣጥኑ ከ5 ደቂቃው ዝምታ በኋላ 12 ዲግሪ ለመውጣት የፈጀበት ደቂቃ ነው፦

```
Kc = 30 / (0.95 * (10 + 5)) = 2.1
Ti = 30 min = 1800 s
```

የውስጡ 40 ሴኮንድ፣ የውጩ 10 ደቂቃ። ልዩነቱ 15 እጥፍ። ብዙ ሰው ቢያንስ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይላል፣ እስከዚያ ድረስ ይኬዳል። ከዚያ ካነሰ ሁለቱ ሉፖች አንዱ የሌላውን ሥራ እየነካ ይጣላሉ። በግራፍ ላይ ይታወቃል፦ ሁለቱም በአንድ ዙር አብረው ይወዛወዛሉ፣ የውጩን ብታለዝበው ሁለቱም ይረጋሉ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ 955 ድረስ ያለፈበት ቀን

920 አካባቢ እጹብ ድንቅ የነበረው ነገር ከቅዝቃዜ ሲነሳ እንደ ድሮው አለፈ፣ 955። ሁለት ሉፕ ሠርተን ወደ ቦታችን ተመለስን።

ምልክቱ ግራፉ ላይ ነበር። ሣጥኑ 920ን ካለፈ በኋላም የውስጡ ሴትፖይንት ላይኛው ጣሪያ ላይ ተጣብቆ ነበር። ኢንተግራሉ አብጧል። ከቅዝቃዜ ሲነሳ የውስጡ ሉፕ 100% ላይ ደርሶ ከዚያ በላይ መስጠት አይችልም፣ የውጩ ግን ይህን ስለማያውቅ "ጨምር፣ ጨምር" እያለ ሲደምር ይቆያል። ሲደርስ ያጠራቀመውን ለማራገፍ ጊዜ ይፈጅበታል።

መፍትሔው የውስጡ ከአቅሙ ሲደርስ ለውጩ እንዲነግረው ነው፦

```
// outer, every 10 s
float eo  = spBox - tBox;
float raw = spBox + 2.1 * eo + Io;
spAir = constrain(raw, spBox - 60, spBox + 60);
bool sat = (out >= 100 && eo > 0) || (out <= 0 && eo < 0);
if (raw == spAir && !sat) Io += 2.1 * eo * 10 / 1800;

// inner, every 1 s
float ei = spAir - tAir;
float u  = 1.67 * ei + Ii;
out = constrain(u, 0, 100);
if (u == out) Ii += 1.67 * ei / 240;
```

ሴትፖይንቱ ከ`spBox` የሚነሳው የሣጥኑ ጌይን 1 ገደማ ስለሆነ ነው። ኢንተግራሉ የቀረውን ትንሽ ልዩነት ብቻ ይሞላል። 60ዋ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። አካባቢው ከ980 ብዙም እንዳይወጣ ታደርጋለች። ሽቦውም ሣጥኑም ከ1080 ተገላገሉ። ሂሳቡ ግን ነፃ አይደለም፤ 920 ለመድረስ ከበፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጋሼ መጀመሪያ ቅር አላቸው። ከደረሰ በኋላ ግን የሚያልፈው 4 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ወዲያው ይረጋል፣ ድሮ ደግሞ እስኪረጋ ሰዓታት እንጠብቅ ነበር።

አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ፦ የውጩን ሉፕ ከእጅ ወደ አውቶ ስትቀይሩ `Io = spAir - spBox - 2.1 * eo` ብላችሁ ሙሉት፣ አለበለዚያ ሴትፖይንቱ ይዘልላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ፦ የማታው ቮልቴጅ

ስጠብቀው የነበረው ይህን ነው። ሣጥኑ 920 ላይ ረግቷል፣ ኃይሉ 45% ነው። ማታ ቮልቴጁ ወደ 198 ወረደ። አካባቢው 4 ዲግሪ ያህል ወረደ፣ ኃይሉ ቀስ እያለ 55% ደረሰ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። የሣጥኑ መሐል 1 ዲግሪ እንኳ አልወረደም። ድሮ 14 ነበር።

ለምን ከ1 በታች እንደሆነ በወረቀት ላይም ይወጣል። 45% ኃይል 19% ሲያጣ 8.5% ያህል ማጣት ነው። የውስጡ ሉፕ እስኪመልሰው ድረስ የሚጠራቀመው ስህተት፦

```
8.5 * 240 / 1.67 = 1220 °C·s ≈ 20 °C·min
20 / 30 ≈ 0.7 °C
```

30ው የሣጥኑ ዘገምተኝነት ነው። ያ ስንማረርበት የነበረው ዘገምተኝነት አሁን ለእኛ ይሠራል፤ አጭር ረብሻን ወደ ውስጥ አያስገባም። የሚያስገባው ረጅሙን ነው፣ ረጅሙን ደግሞ የውስጡ ሉፕ አያስቆየውም።

ጥር፦ የማይረዳበት

ከሰል ስንጨምር በሩን ስንከፍት ወይም ቀዝቃዛ ሣጥን ስናስገባ ካስኬዱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። አካባቢውን ቶሎ ይመልሰዋል፣ ግን ቅዝቃዜው በቀጥታ ሣጥኑ ላይ ገብቷል፣ ሣጥኑን ለማሞቅ የሚፈጀው ጊዜ የፊዚክስ ነው። ረብሻው የውስጡን ሉፕ ካላለፈ የውስጡ ሉፕ ሊይዘው አይችልም።

ለቴምፐሪንግ በ200 ዲግሪ ስንሞክረው ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ወዘወዘ። 920 ላይ ሙቀቱ በብዛት የሚሄደው በጨረር ነው፣ 200 ላይ ጨረሩ በጣም ደካማ ስለሆነ ሣጥኑ ከእጥፍ በላይ ይዘገያል። ጌይኑ አሁንም 1 ገደማ ነው፣ 30 ደቂቃው ግን አይሠራም። ለዝቅተኛው ሙቀት ሌላ የቁጥር ስብስብ ያስፈልጋል። ያንን ሙከራ ገና እየመዘገብኩ ነው፤ እስካሁን ያለኝ ልኬት ከ70 ደቂቃ በላይ ይላል። የውስጡ ቁጥሮች ብዙም ሳይነኩ ሠርተዋል።

የውስጡ ቴርሞካፕል ቢቆረጥስ? `MAX31856` የተከፈተ መስመርን ያሳውቃል፣ ሲያሳውቅ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ እዘጋለሁ። በውጩ ብቻ እንዲቀጥል ማድረግም ይቻል ነበር፣ ግን ለሌላው ሉፕ የተመረጠ ቁጥር በቀጥታ ኃይል ላይ ሲጫን 960ን እንደገና ማየት ነው።

የቀረው ሥራ የውጩን ቴርሞካፕል ወደ ኤን ዓይነት መቀየር ነው። ኬው በዚህ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ንባቡ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የውስጡን ኬ እንዳለ እተወዋለሁ፣ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ።